ስምንት ሜትር በአፋር፣ ስምንት ሜትር በቱርክ፦ የምድር ንጣፎች ጠርዝ ለምን አንድ ዓይነት አደጋ አያመጣም?

በመስከረም 2005 በአፋር፣ ዳባሁ ከሚባለው እሳተ ገሞራ በስተ ደቡብ ያለው በረሃ በሁለት ሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ተከፈለ። በጣም በሰፋበት ቦታ ግራና ቀኙ 8 ሜትር ያህል ተራርቋል። በየካቲት 2023 ደግሞ በደቡብ ቱርክ ምድር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተሰንጥቃ፣ በአንዳንድ ስፍራ አንዱ ወገን በሌላው ጎን 8 ሜትር ያህል ተንሸራተተ። (ዓመቶቹ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ርቀቱ አንድ ነው፤ የሆነው ነገር ግን ፈጽሞ አይገናኝም። በአፋር ከ160 በላይ ደህና ደህና መንቀጥቀጦች ቢመዘገቡም ትልቁ ከ5.6 ገደማ አላለፈም። በቱርክ አንዱ ብቻ 7.8 ነበር፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ 7.5 የሆነ ሌላ ተከተለው፤ በቱርክና በሶርያ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። አፋር ሰው የሳሳበት ምድር መሆኑ የሞቱን ቁጥር ልዩነት በከፊል ያስረዳል። የመንቀጥቀጡን ኃይል ልዩነት ግን አያስረዳም። በመለኪያው ላይ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት የኃይሉ በ32 እጥፍ ገደማ ማደግ ነውና፣ ከ5.6 እስከ 7.8 ያለው ልዩነት ሁለት ሺህ እጥፍ ይደርሳል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ሁለቱም ቦታዎች የአንድ ንጣፍ ጠርዞች መሆናቸው ነው።

ንጣፍ ሲባል ምን ማለት ነው?

ምድር ላይዋ አንድ ወጥ ቅርፊት አይደለም። ጠንካራው የላይኛው ክፍሏ፣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው፣ በትልልቅ ቁርጥራጮች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ንጣፍ ይባላል፤ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ፕሌት የሚለውንም ታገኙታላችሁ። ከሥሩ ያለው አለት፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የቀለጠ ባሕር አይደለም። ጠጣር ነው፤ ነገር ግን በጣም ከመጋሉ የተነሣ በሚሊዮን ዓመታት ልክ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፣ ይፈስሳል። ንጣፎቹ በዚህ ላይ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጓዛሉ፤ ጥፍራችን በሚያድግበት ፍጥነት ማለት ነው።

የንጣፍ መሐል ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ወሬ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ሁለት ንጣፎች የሚገናኙበት ድንበር ደግሞ ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፦ ይራራቃሉ፣ ይጋጫሉ፣ ወይም ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ።

ሦስቱን ለየብቻ ከሦስት አህጉር በተለቀሙ ምሳሌዎች ማስረዳት የተለመደ ነው። እኔ ግን አንዷን ንጣፍ ይዞ ዙሪያዋን መሄድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሦስቱም ድንበሮች የአንድ ጉዞ ውጤቶች መሆናቸው የሚታየው ያን ጊዜ ነው። የምንይዛት ንጣፍ የአረቢያ ናት። ከአፋር ትነሣለች፣ በእስራኤልና በዮርዳኖስ ጎን ታልፋለች፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ማዶ ኢራን ላይ ትጋጫለች። አማርኛ የሚናገር ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ በዚህች ንጣፍ ላይ ወይም በደጃፏ ናቸው።

አረቢያ ወዴት እየሄደች ነው?

ወደ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ። አንድ ሰው ከባድ ቁም ሣጥን በክፍል ውስጥ ሲገፋ አስቡ። ከኋላው ባዶ ወለል ይገለጣል። የሣጥኑ ጎን ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል። ከፊቱ ደግሞ ምንጣፉ ተሰብስቦ ይጨማደዳል። የተገለጠው ወለል አፋር፣ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ናቸው። የተፋተገው ግድግዳ በሙት ባሕር በኩል አልፎ ወደ ቱርክ የሚወጣው መስመር ነው። የተጨማደደው ምንጣፍ በኢራን የዛግሮስ ተራሮች ናቸው።

ከኋላ በኩል፦ ምድር ስትከፈት ለምን እሳት ይወጣል?

መልሱ እዚሁ አዲስ አበባ ባለ ምድጃ ላይ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ከቆላ ይልቅ ለመብሰል የሚዘገዩትም ለዚህ ነው። ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃውን የሚጫነው ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባነሰ ሙቀት ይፈላል።

ከንጣፎች ሥር ያለው አለትም እንዲሁ ነው። እንዳይቀልጥ የያዘው ቅዝቃዜ ሳይሆን የተጫነበት ክብደት ነው። ሁለት ንጣፎች ሲራራቁ የላዩ ቅርፊት ይሳሳል፣ ከሥር ያለው የጋለ አለት ክፍተቱን ተከትሎ ይወጣል፣ ጫናው ይቀንስለታል፣ የተወሰነው ክፍሉም ይቀልጣል። እሳት የጨመረበት የለም፤ ክዳኑ ነው የተነሣለት። በአፋር በኩል ደግሞ ከሥር የሚወጣው አለት ከሌላው ቦታ ይበልጥ የጋለ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነውን ጥቁር ድንጋይ ያፈሰሰውም ይኸው ሙቀት ነው።

የቀለጠው አለት ሁልጊዜ ወደ ላይ አይፈነዳም። ብዙውን ጊዜ ቅርፊቱን እንደ ሽብልቅ ሰንጥቆ ይገባና እዚያው ይቀራል። በ2005 በዳባሁ የሆነው ይህ ነው። ወደ ስንጥቁ የገባው ቅልጥ አለት ወደ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይገመታል። ከምድር በላይ የታየው ግን ዳዑሬ በተባለ ቦታ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የረዘመ ቀዳዳ ከፍቶ የወጣ አመድና ጥቂት የአረፋ ድንጋይ ብቻ ነበር። ቀሪው ሁሉ ከመሬት በታች 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ግድግዳ ሆኖ ረጋ። ሳይንቲስቶች ስፋቱን ያወቁት ሳተላይት ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ ያነሣቸውን የራዳር ምስሎች አነጻጽረው ነው።

በአፋር መንቀጥቀጡ ለምን ትንሽ እንደሆነም ከዚህ ይታያል። 8 ሜትሩን የከፈተው ቅልጡ ራሱ ነው፤ አለት ከአለት ጋር ተያይዞ፣ ታግሎ፣ በአንድ ጊዜ ተፈናቅሎ አይደለም። ሽብልቅ እንጨት ሲፈልጥ ጥቂት ሲጥ ሲጥ ይላል እንጂ እንደሚሰበር ግንድ አይጮኽም። በዚያ ላይ የጋለና የሳሳ ቅርፊት ብዙ ኃይል አከማችቶ መያዝ አይችልም። ሁለቱ ንጣፎች እዚያ አካባቢ የሚራራቁት በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 8 ሜትር ማለት የ400 ዓመት ጉዞ በሁለት ሳምንት ተከፈለ ማለት ነው።

የመሬቱ ቅርጽስ? ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው አይቶታል። ደጋው በአንድ ጊዜ አይወድቅም፤ እንደ ትልቅ ደረጃ እየተቆረጠ፣ እያንዳንዱ እርከን ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል እያለ ይወርዳል። ምድር ሲለጠጥ መካከሉ የሚደግፈው አጥቶ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ስምጥ ሸለቆ የሚለው ስም ራሱ ይህንኑ ይናገራል። በዳሎል ወለሉ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዷል። ከባሕር ሥር ባሉ ተራራቂ ድንበሮች ደግሞ ውቅያኖሱን ለሁለት የሚከፍል ረጅም የተራራ መስመር ይታያል፤ አፋር ጊዜ ካገኘ መድረሻው ወደዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። የተራራቂ ድንበር መንቀጥቀጥ ሁሌም ቀላል ነው ማለት አይደለም። በ1961 በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ካራ ቆሬ አካባቢ፣ መጠኑ 6.5 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል። እዚያ ሽብልቅ የሚሆን ቅልጥ አልነበረም፤ ደረቁ አለት ራሱ ነው የተንሸራተተው።

የፈንታሌውስ መንቀጥቀጥ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል፤ ነገር ግን ከአረቢያ ሳይሆን ከሌላ ድንበር ነው። አፋር ላይ ሦስት ስንጥቆች ይገናኛሉ፦ ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና ወደ ደቡብ በአዋሽ፣ በዝዋይና በአርባ ምንጭ በኩል የሚወርደው ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ። ሦስተኛው የሶማሊያን ንጣፍ ከተቀረው አፍሪካ የሚለይ ሲሆን ከሌሎቹ ሁለቱ በጣም ያዘግማል፤ በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ከ2024 መጸው ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የሆነው የዳባሁ ዓይነት ነገር ነበር፦ ቅልጥ አለት ከሥር ገፍቶ ገባ፣ መሬቱ ተሰነጠቀ፣ እንፋሎት ወጣ፣ በርካታ መንቀጥቀጦች ተከታተሉ፣ ትልልቆቹ ወደ 6 ተጠጉ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። አዲስ አበባ ላይ በፎቅ የሚኖር ሰው መብራቱ ሲወዛወዝ አይቶ «ከተማዋ ልትሰነጠቅ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይፈረድበትም። ፈንታሌ ግን በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስንጥቁ ያለው ከሸለቆው ወለል ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው ንዝረቱ ነው። ንዝረት በደንብ ላልተሠራ ሕንፃ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ከመሰንጠቅ ጋር ግን አንድ አይደለም።

ከጎን በኩል፦ ምድር ሳትከፈት እንዴት ትናወጣለች?

ከቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በሙት ባሕር፣ በዮርዳኖስ ሸለቆና በገሊላ ባሕር በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣው መስመር ተራራቂም ተጋጪም አይደለም። በምሥራቅ ያለችው አረቢያ በምዕራብ ያለውን ወገን እየታከከች ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ፍጥነቷ በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት መዳፎቻችሁን አጥብቃችሁ ገጥማችሁ አንዱን ወደ ፊት ግፉት። መጀመሪያ ይይዛል፣ ከዚያ ዘለል ብሎ ይሄዳል። ይህ ድንበር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

መንሸራተቱ እንዴት ታወቀ ቢባል ከመዳብ ማዕድን ይጀመራል። በእስራኤል ቲምና፣ በዮርዳኖስ ደግሞ ፌይናን የሚባሉ ጥንታዊ የመዳብ ቦታዎች አሉ። አለታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ በአንድ ወቅት ጎን ለጎን ነበሩ። ዛሬ ከሸለቆው ወዲያና ወዲህ፣ በሰሜን ደቡብ አቅጣጫ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ተለያይተዋል። በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ድንበሩ የሄደው መንገድ ይኸው ነው።

እዚህ ምድር አይከፈትም፤ ስለዚህ ከሥር የሚወጣ የጋለ አለት የለም፣ ጫና አይቀንስም፣ ድንበሩ ራሱ እሳተ ገሞራ አያበቅልም። የሚጠፋም የሚፈጠርም ቅርፊት የለም። የመሬቱ ቅርጽም ታላቅ ተራራ ሳይሆን ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ነው፦ የተቆረጠ ሸንተረር፣ ከመንገዱ የታጠፈ ወንዝ፣ ቀጭን ሸለቆ። ታዲያ ሙት ባሕር ዳርቻው ከባሕር ጠለል በታች ከ430 ሜትር በላይ እንዴት ወረደ? መስመሩ አንድ ወጥ ስላልሆነ ነው። አንዱ ስንጥቅ ያልቅና ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ሌላ ይጀምራል። ሁለቱ ወገኖች ሲንሸራተቱ በመካከል ያለው መሬት እንደ ተጎተተ ጨርቅ ይለጠጥና ይሰምጣል። ከላይ ሲታይ ስምጥ ሸለቆ ይመስላል፤ አመጣጡ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ከቅልጥ ሽብልቅ ውጭ ሆኖ ቀዝቃዛ አለት ከቀዝቃዛ አለት ጋር ሲያያዝ፣ ሳይሄድ የቀረው መንገድ እንደ ዕዳ ይከማቻል። በ1927 ይህ መስመር 6.2 በሆነ መንቀጥቀጥ ኢያሪኮን፣ ናብሉስንና ኢየሩሳሌምን ጎዳ። በ1995 በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ከ7 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ቱርክ ላይ ደግሞ አረቢያን ከአናቶሊያ ንጣፍ የሚለየው ተንሸራታች ድንበር በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በየካቲት 2023 በየቦታው የታየው የብዙ ሜትሮች ሽግግር በመቶዎች ዓመታት የተጠራቀመ ዕዳ ነበር፤ የተከፈለውም ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ልዩነቱን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። የመንቀጥቀጥ ኃይል የሚለካው በተንሸራተተው ርቀት ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በተላቀቀው ገጽ ስፋት ጭምር ነው። በቱርክ 300 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውና ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠልቅ ገጽ ነው የተላቀቀው፤ 6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአፋር ግን የተላቀቁት ከቅልጡ ሽብልቅ በላይና በዙሪያው ያሉ ትንንሽ ገጾች ነበሩ፤ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ነገ።

ከፊት በኩል፦ ግጭት ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም፤ የሚጋጨው ነገር ምን እንደሆነ ይወስነዋል። አረቢያ ከፊቷ ሁለቱንም ዓይነት ግጭት ይዛለች።

በምዕራብ ኢራን አህጉር ከአህጉር ጋር ተጋጥሟል። የአህጉር ቅርፊት ቀላልና ወፍራም ስለሆነ ከሥር ያለው አለት ውስጥ እሺ ብሎ አይሰምጥም። ሁለቱም እምቢ ሲሉ መሬቱ ይታጠፋል። ዛግሮስ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የታጠፈ የባሕር ወለል ድንጋይ ነው፤ ከሳተላይት ሲታይ በእጅ የተጨማደደ ምንጣፍ ነው የሚመስለው። የኢራንና የኢራቅ ነዳጅ ከእነዚህ እጥፋቶች ጉልላት ሥር ተጠራቅሟል። ተራሮቹ በክብደታቸው የአረቢያን ጫፍ ሲጫኑት ጣውላ እንደሚጎብጥ ጎብጧል፤ ዱባይና ዶሃ ዳር ያለው ባሕር የተኛው በዚያ ጉድባ ላይ ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱ 35 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዛግሮስ መንቀጥቀጥ ብዙ ነው፤ በ2017 በኢራንና በኢራቅ ድንበር 7.3 የሆነው ብዙ መቶ ሰው ገድሏል። እሳተ ገሞራ ግን በእጥፋቶቹ መካከል የለም። በሂማላያም ተራሮች ላይ የለም፤ ምክንያቱ አንድ ነው።

ወደ ምሥራቅ፣ መክራን በሚባለው የኢራንና የፓኪስታን ዳርቻ፣ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ፊት ለፊት ያለው የአረቢያ ክፍል የኦማን ባሕረ ሰላጤ ወለል ነው። የውቅያኖስ ቅርፊት ቀጭን ቢሆንም ከባድ ነውና በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ እያለ ከእስያ ሥር ይሰምጣል። ሲሰምጥ ብቻውን አይሄድም፤ በማዕድኖቹ ውስጥ የተቋጠረ ውኃ ይዞ ይወርዳል። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሙቀቱና ጫናው ውኃውን ያስለቅቀዋል። ውኃው ከላይ ወዳለው የጋለ አለት ሲገባ አለቱ ባነሰ ሙቀት እንዲቀልጥ ያደርገዋል። አፋር ላይ ክዳን በመነሣቱ የቀለጠው አለት፣ እዚህ ውኃ በመግባቱ ይቀልጣል። ይህ ቅልጥ ወፍራምና በጋዝ የተሞላ ስለሚሆን እንደ ኤርታሌ በዝግታ ከመፍሰስ ይልቅ መፈንዳት ይቀናዋል፣ ቁልቁለታማ ተራራም ይሠራል። ከመክራን ዳርቻ ርቀው ወደ ውስጥ የቆሙት ባዝማንና ታፍታን የተባሉት ተራሮች የዚህ ውጤት ናቸው። ዛግሮስ ላይ እሳተ ገሞራ የጠፋውም ውኃ ተሸክሞ የሚሰምጥ የውቅያኖስ ወለል ስላለቀ ነው።

ትልቁ መንቀጥቀጥ የሚመጣውም ከእንዲህ ዓይነቱ ድንበር ነው። የሚሰምጠው ንጣፍ አጋድሎ ስለሚገባ የሚያያዝበት ገጽ እጅግ ሰፊ ነው። በ2011 በጃፓን የተላቀቀው ገጽ 500 በ200 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ 100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር። ቱርክን 6,000 ብለን ነበር። ለዚህም ነው 9 የሚደርሰው። ገጹ ከባሕር ሥር ስለሆነ ወለሉ ሲነሣ ውኃውን ያነሣዋል፤ ሱናሚ የሚባለው ይህ ነው። መክራንም በ1945 በ8.1 ገደማ መንቀጥቀጥ ሱናሚ አስነሥቷል።

ዜና ስናነብ የትኛው ድንበር መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

ከመጠኑ ይልቅ ጥልቀቱን ተመልከቱ። በተራራቂና በተንሸራታች ድንበር መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ሜትር አይጠልቅም፤ ከዚያ በታች አለቱ ስለሚግል ከመሰበር ይልቅ ይለጠጣል። ጥልቀቱ 80 ወይም 200 ኪሎ ሜትር ከተባለ፣ እየሰመጠ ያለ ቀዝቃዛ ንጣፍ ውስጡ እየተሰበረ ነው ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ እስከ 700 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ተመዝግቧል። በሚያዝያ 2013 በኢራንና በፓኪስታን ድንበር 7.7 የሆነው መንቀጥቀጥ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ነበረው። ጥልቀቱ ንዝረቱን ሩቅ ስለወሰደው ዱባይ ላይ ሰዎች ከረጃጅም ፎቆች ወጥተው ጎዳና ላይ ቆመዋል፤ ከበላዩ ባለው መሬት ላይ ግን የደረሰው ጉዳት ቁጥሩ ከሚያስፈራው በእጅጉ ያነሰ ነበር።

ይህ ዘዴ የማይሠራባቸው ቦታዎችም አሉ። በምዕራብ ሳዑዲ አረቢያ፣ ከማንኛውም ድንበር ርቀው ንጣፉ ውስጥ የተቀመጡ ሰፋፊ የጥቁር ድንጋይ ሜዳዎች አሉ። በ1256 መዲና አጠገብ ካለው ሜዳ ቅልጥ አለት ፈስሷል። በ2009 ደግሞ ሐራት ሉነይር በተባለው ሜዳ ሥር በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ መንቀጥቀጦች ጀመሩ፤ ትልቁ ከ5 ጥቂት አለፈ፤ መሬቱ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀ። በአካባቢው ያሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተነሥተው ወጡ። ቅልጡ እንደ ዳባሁ ሽብልቅ ሆኖ ወደ ላይ መጥቶ ነበር፤ ሳይወጣ ከሥር ቀዘቀዘ፣ ሰዎቹም ወደ ቤታቸው ተመለሱ።